ከቡና ማሽኑ አጠገብ የምትለጠፍ ካርድ

በመሥሪያ ቤት የጋራ ቡና ማሽን አጠገብ ለባልደረቦች የምትለጠፍ ካርድ ከሁሉ በፊት የቡናን መቅጠን ከመኮምጠጡና ከመምረሩ መለየት አለባት። መቅጠን የመጠን ጉዳይ ነው፤ ቡናው አንሷል ወይም ውኃው በዝቷል። መኮምጠጥና መምረር ግን ውኃው ከዱቄቱ ምን ያህል እንዳወጣ ይናገራሉ። ሙቅ ውኃ አስቀድሞ ኮምጣጣውን ያወጣል፣ ጣፋጩ ይከተላል፣ መራራው ውኃው በቆየ ቁጥር እየበረታ ይሄዳል። ስለዚህ ዱቄቱ ሸካራ ሆኖ ውኃው ቶሎ ካለፈ ቡናው ይኮመጥጣል፤ ዱቄቱ በጣም ልሞ ውኃው ከዘገየ ደግሞ ይመራል።

ይህ ካልተለየ ለኮመጠጠው ሁሉ «ቡና ጨምሩ»፣ ለመረረው ሁሉ «ቡና ቀንሱ» ይባላል፤ ችግሩም ይብሳል። በወረቀት ማጣሪያ ለሚሠራ ማሽን ለ1 ሊትር ውኃ 60 ግራም ቡና ጥሩ መነሻ ነው። ለቁጠባ 40 ግራም ተደርጎ፣ እንዳይቀጥን ደግሞ በጣም ልሞ ተፈጨ እንበል። ሊትሩ ሙሉ በጥቂት ዱቄት ላይ ስለሚያልፍ ያለውን ሁሉ አሟጦ ያወጣዋል፤ ስኒውም ቀጭንም መራራም ይሆናል። ምሬቱን ሽሽት ቡናው ከተቀነሰ ሁለቱም ይጨምራሉ። መፍትሔው መጀመሪያ ወደ 60 ግራም መመለስ፣ ምሬቱ ካልጠፋ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ መፍጫውን አንድ ደረጃ ማሻከር ነው። በ60 ግራም የተፈላው ከኮመጠጠ ደግሞ ማላም እንጂ መጨመር አይረዳም፤ ዱቄት ቢጨመር የሚገኘው ወፍራም ኮምጣጣ ቡና ነው።

ጣዕም እንደየሰው ነው የሚል ይኖራል። ስለ ውፍረቱ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ጠንከር አድርጎ ማፍላት የሚሻለው። ቀጭን የሚወድ ስኒው ላይ ሙቅ ውኃ ያክላል፣ የቀጠነውን ግን ማወፈር አይቻልም። ታጥቦ የተዘጋጀና ቀለል ብሎ የተቆላ የይርጋ ጨፌ ቡና በተፈጥሮው ይኮመጥጥ የለም ወይ የሚለው ጥያቄም ትክክል ነው። የእርሱ ኮምጣጣነት ግን ጣፋጭነት አብሮት አለ፤ ያለ ጣፋጭነት ምላስን የሚቆነጥጥ ከሆነ ጥፋቱ የአፈላሉ ነው። አፈጫጨቱም መጠኑም ሳይቀየር ከወራት በኋላ መኮምጠጥ ከጀመረ፣ በማሽኑ ውስጥ የተጋገረው የውኃ ኖራ ሙቀቱን አሳንሶት ሊሆን ይችላል። ውኃው ከ92 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበትና ኖራው ይጽዳ።

ምሬት ሲያጋጥም መፍጫውን ከመንካት በፊት እንደፈላ የተቀዳው የመጀመሪያ ስኒ መራራ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ካልነበረ ያመረረው ማሞቂያው ሳህን ላይ መቆየቱ ነው፤ እንደፈላ ወደ ፔርሙዝ ይገልበጥ። ማሽኑ የጋራ በመሆኑ አንዱ ያላመውን ሌላው ሊያሻክረው ይችላል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ የቀየራችሁትንም ከነቀኑ ካርዷ ግርጌ ላይ ጻፉ።