ከሌሊቱ 7፡10 ወይስ 22:10?

ድረ ገጽ ሲቋረጥ ለአስተናጋጁ ድርጅት የሚላክ ኢሜይል ብዙ ሰው በጥድፊያ የሚጽፈው፣ በዚያው ልክ የሚናቅ ጽሑፍ ነው። የድረ ገጹ ስም፣ የተቋረጠበትና የተነሣበት ሰዓት፣ የታየው የስህተት ቁጥርና ጥቂት የሎግ መስመሮች ከያዘ ይበቃዋል። ጣጣው ያለው ሰዓቱ ላይ ነው።

ወግዲ ያለ አንድ መምህር የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ ይከታተላል እንበል፤ ሰርቨሩ ያለው አውሮፓ ነው። ድረ ገጹ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ከሌሊቱ 7፡10 ላይ ተቋርጦ ሳይነጋ ተነሣ። መምህሩ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይሮ ሰዓቱን እንዳለ ተወውና «ኦክቶበር 15፣ 7፡10» ብሎ ላከ። ባለሙያው በዚያ ሰዓት ያለውን ሎግ ሲያይ ሁሉም መስመር 200 ነው፤ ማለትም ድረ ገጹ በደንብ ይሠራ ነበር። ጥያቄው «ችግር አልተገኘም» ተብሎ ተዘጋ።

ባለሙያው አልዋሸም። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7፡10 ማለት በፈረንጆቹ 01:10 ነው። አብዛኛው ሰርቨር ደግሞ በዩቲሲ ስለሚቆጥር ከዚያ ላይ 3 ሰዓት ይቀነሳል፤ ቀኑም አንድ ወደ ኋላ ይመለሳል። መፈለግ የነበረበት መስመር ይኸው፦

```
[14/Oct/2024:22:10:41 +0000] "GET / HTTP/1.1" 502
```

መጨረሻ ላይ ያለው `+0000` ሰዓቱ የዩቲሲ መሆኑን ይናገራል። የኤንጂንክስ የስህተት ሎግ ግን ይህን ምልክት አይጽፍም፤ ከዚያ የሚቀዳ ሰው የሰዓት ቀጠናውን ራሱ ይጨምርበት። ኢሜይሉ ላይም «22:10 UTC፣ በኢትዮጵያ 01:10» ብሎ ሁለቱንም መጻፍ ከስንት ምልልስ ያድናል።

502 ራሱ ምስክር ነው፦ ጥያቄው ሰርቨሩ ዘንድ ደርሷል፣ በሩን የከፈተው ኤንጂንክስም በሕይወት አለ፤ ያልመለሰው ከጀርባው ያለው ፕሮግራም ነው። ሰርቨሩን ራሱ ደንበኛው የሚያስተዳድረው ከሆነ ጥፋቱን መጀመሪያ እዚያው ይፈልግ። ሎጉ ጭራሽ ዝም ካለ ግን ወይ ማሽኑ ጠፍቷል፣ ወይ መንገዱ ተቆርጧል፣ ወይ በዚያ ሌሊት ጎብኚ አልነበረም። ሦስተኛውን ከሁለቱ ለመለየት ድረ ገጹን ከውጭ በየደቂቃው የሚጠይቅ መከታተያ ያስፈልጋል።

ያለዚያ የአገር ቤት ኔት መቋረጥ በአስተናጋጁ ላይ ይላከካል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ውጭ ያሉ ሰርቨሮች እንደወትሮው ይሠሩ ነበር፤ የጠፋው መድረሻው ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ገጹን ከፍቶ ቢያይ ነገሩ ወዲያው ይለያል።

አንዳንዱ ደግሞ ማስረጃ ይብዛ ብሎ ሙሉውን የሎግ ፋይል ከነይለፍ ቃሉ ያያይዛል። ይህ ደግ አይደለም። ከመቋረጡ በፊት የታየው የመጨረሻ 200፣ የመጀመሪያው 502፣ ከዚያም ሲነሣ የታየው የመጀመሪያ 200፣ የጎብኚዎቹ አድራሻ ተሸፍኖ በስክሪን ፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ ይላክ፤ ከፎቶ ላይ ቀድቶ መፈለግ ባለሙያውን ይቸግረዋል።