የማይነበበው ማርክ

የአንድ ክፍል ተማሪዎች ስም ከላይ ወደ ታች፣ የትምህርት ዓይነቶቹ ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድረው፣ በስተመጨረሻ ድምር፣ አማካይና ደረጃ የሚጻፍበት ሰፊ ወረቀት ሮስተር ይባላል። ትራንስክሪፕት የሚሠራው ከእሱ ነው። ትምህርቱን ከጨረሰ ብዙ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ዛሬ አዲስ አበባም ይኑር ዋሽንግተን፣ ማስረጃ ሲጠይቅ የሪከርድ ክፍሉ ሠራተኛ ከመደርደሪያ የሚያወርደው ይህንኑ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ግን ያረጃል። እርሳሱ ይደበዝዛል፣ እጥፋቱ ይቀደዳል፣ ማህተሙ ቁጥር ላይ ያርፋል። ስለዚህ ስካን አድርጎ ወደ ኤክሴል ማስገባት ተገቢ ነው፤ ሥራው የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ነው። ቁጥር መጻፍ ቀላል ነው፤ ከባዱ ያልተነበበውን ቁጥር አልተነበበም ብሎ መተው ነው።

መጀመሪያ ስለ ስካኑ። ገጹ በ300 ዲፒአይ፣ በቀለም ይነሳ። ጥቁርና ነጭ ብቻ በሆነ ስካን ላይ የደበዘዘ እርሳስ ከነጭራሹ ይጠፋል፤ ሐምራዊው ማህተምና ከሥሩ ያለው ሰማያዊ ቀለም ደግሞ አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። በቀለም ከተነሳ ማህተሙን ከጽሑፉ በዓይን መለየት ይቻላል። ብዙ “የማይነበቡ” ማርኮች የሚነበቡት ስካኑ ሲደገም ነው።

ቀጥሎ ንባቡ። እንደ ቴሴራክት ያሉ ነፃ የጽሑፍ ማንበቢያ ፕሮግራሞች በኮምፒውተር ወይም በታይፕ የተጻፈውን ደህና አድርገው ያነባሉ፤ በእጅ የተጻፈው ላይ ግን ይደክማሉ። ለእያንዳንዱ ንባብ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑ ከ100 የሚሰጡት ነጥብም አለ። ነጥቡ ዝቅ ካለ መጠርጠር ተገቢ ነው። ከፍ ማለቱ ግን ንባቡ ትክክል ለመሆኑ ዋስትና አይሆንም፤ አናቱ የደበዘዘ 7 በከፍተኛ ነጥብ 1 ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ የእጅ ጽሑፍ ሮስተርን ሰው ቢያነበው፣ ሌላ ሰው ደግሞ ቢያመሳክረው ይሻላል።

ለማሳየት እንዲቀል ስድስት ትምህርት ብቻ ያለበትን ሮስተር እንውሰድ። ከአንድ ገጽ ላይ ሦስት ተማሪዎች ተነስተው ወደ ፋይል ሲገቡ እንዲህ ይሆናሉ፤ በስም ፋንታ የሮስተሩ ተራ ቁጥር ተቀምጧል።

```
ገጽ,ተራ,አማ,እንግ,ሒሳ,ፊዚ,ኬሚ,ባዮ,ድምር,አማካይ,ምልክት
3,14,78,64,,61,70,73,403,67.17,ሒሳ=አልተነበበም (5?)
3,15,66,58,,49,55,60,288,57.6,ሒሳ=ባዶ
3,16,71,52,0,63,58,67,311,51.83,
```

በሦስቱም ተማሪዎች የሒሳብ ዓምድ ላይ የሆነው ነገር የተለያየ ነው። 14ኛው ተማሪ ማርክ አለው፤ ግን የመጀመሪያው አኃዝ 5 መሆኑ ብቻ ይታያል፣ ሁለተኛው ማህተም ሥር ነው። የ15ኛው ቦታ ከመጀመሪያውም ምንም አልተጻፈበትም። 16ኛው ደግሞ በግልጽ ዜሮ ተጽፎለታል። ሦስቱንም በዜሮ መሙላት ሁለት ተማሪዎችን መበደል ነው፤ ሦስቱንም ባዶ መተው ደግሞ የዜሮውን እውነት ይሰርዛል። ለዚህ ነው የመጨረሻው “ምልክት” የሚል ዓምድ የሚያስፈልገው። ምልክቱ ራሱ ማርኩ ውስጥ መግባት የለበትም። “5?” ብለን ሒሳብ ዓምድ ላይ ብንጽፍ ኤክሴል እንደ ቃል ይቆጥረውና ሲደምር ዘልሎት ያልፋል፤ አማካይ ሲያወጣም ለስድስት ማካፈሉን ትቶ ለአምስት ያካፍላል። ማንም ሳያስተውል 67.17 የነበረው 69.2 ይሆናል።

አሁን የሮስተሩ ድምር ይረዳናል። በሚከተለው ቀመር ከወረቀቱ ድምር ላይ ያነበብናቸውን ማርኮች እንቀንሳለን፦

```
=I2-SUM(C2:H2)
```

ለ15ኛውና ለ16ኛው መልሱ 0 ነው፤ ንባቡና ድምሩ ገጥመዋል። ለ14ኛው 57 ይመጣል። በዓይን ያየነው 5 ከዚህ ጋር ይስማማል፤ 67.17ን በ6 ብናባዛም ወደ 403 ይመልሰናል፤ ስለዚህ ድምሩንም አላሳሳትነውም። ታዲያ 57 ብለን ለምን አንሞላውም? የክፍል ኃላፊው መምህር የደመሩት በእጅ ነው፤ ተሳስተው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የተሳሳተ ድምር የተሳሳተ ማርክ ይወልዳል። የተሰላ ቁጥር ከተነበበ ቁጥር ጋር አንድ አይደለም። 57 “ከድምር የተሰላ” ተብሎ ምልክቱ ውስጥ ይጻፍ፤ የማርኩ ቦታ ባዶ ይቆይ። በአንድ ረድፍ ላይ ሁለት ማርክ ካልተነበበ ደግሞ ቀመሩ የሚሰጠው የሁለቱን ድምር ብቻ ነውና ለየብቻቸው ማወቅ አይቻልም።

አማካዩም የሚናገረው ነገር አለው። የ15ኛው ተማሪ 57.6 የ288 አምስተኛ ነው። መምህሩ ለስድስት አካፍለው ቢሆን 48 ይሆን ነበር፤ ልጁም ከ50 በታች ይወርድ ነበር። ስለዚህ ባዶውን ቦታ በጊዜው እንደ ዜሮ አልቆጠሩትም። ለምን ባዶ እንደቀረ ወረቀቱ አይነግረንም፤ ዛሬ በዜሮ የምንሞላው ግን ያኔ የተወሰነውን ውሳኔ መቀልበስ ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ስህተት ሌላ ነው፤ እሱም የረድፍ መንሸራተት ነው። ፕሮግራሙ በ15ኛው ረድፍ ላይ አምስት ቁጥሮች ያያል፤ ባዶውን ቦታ አያይም። ስለዚህ የፊዚክሱን 49 ሒሳብ ላይ፣ የኬሚስትሪውን 55 ፊዚክስ ላይ፣ የባዮሎጂውን 60 ኬሚስትሪ ላይ ያስቀምጥና ባዶውን ወደ ባዮሎጂ ይገፋዋል። ተማሪው ያልተፈተነውን ሒሳብ 49 አገኘ፣ የተፈተነው ባዮሎጂ ጠፋ። ድምሩ ግን አሁንም 288 ነው! መደመር ቅደም ተከተል ስለማያይ ቀመራችን 0 ይለናል፣ እኛም ተማምነን እናልፋለን። ይህን የሚይዘው የገጹ መስመር ብቻ ነው። ከማንበብ በፊት ምስሉ በሰንጠረዡ መስመሮች ወደ ሣጥን ሣጥን ይከፋፈል፤ እያንዳንዱ ሣጥን ለብቻው ይነበብ፤ ባዶ ሣጥንም ባዶ ተብሎ ይመዝገብ። በእጅ የሚጽፍ ሰውም ወደ ጎን ከሚያነብ አንድ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ቢያወርድ፣ ከሥሩ ማስመሪያ ቢያስቀምጥ፣ መንሸራተቱ ይቀራል።

ፋይሉ ሲቀመጥ “CSV UTF-8” የሚለው ይመረጥ፤ አለበለዚያ የአማርኛው ፊደል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወደ ጥያቄ ምልክት ወይም ወደማይነበብ ኮተት ይለወጣል።

ምልክት የተደረገባቸውን ቦታዎች መሙላት የጻፊው ድርሻ አይደለም። ከነገጽና ከነተራ ቁጥራቸው ተለቅመው ለሪከርድ ክፍሉ ይሰጡ፤ እዚያ የትምህርቱ መምህር ያስረከበው ማርክ ሊስት ከተገኘ ማርኩ ከእሱ ይገለበጣል። ማርክ ሊስቱ ከጠፋ የሚቀረው ተማሪው እጅ ያለው የውጤት ካርድ ነው። ስለዚህ ትራንስክሪፕት ልትጠይቁ ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታችሁ የምትሄዱ፣ ወይም ከውጭ አገር ሆናችሁ ሰው የምትልኩ፣ የድሮ ካርዳችሁን ፈልጋችሁ አስይዙ።