ከበሮው ተራውን ሲጠብቅ

የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ከሰኞ እስከ እሑድ ያሉትን ቀናት በዜማ ሊወርዳቸው ይችላል። «ትናንት ምን ቀን ነበር?» ሲባል ግን ግራ ይገባዋል፤ በዚህ ዕድሜ ትናንትና ነገ ገና ይምታታሉ። በሕፃናት ማቆያ ልጆች ክብ ሠርተው የሚዘምሩበትን የጠዋት ሰዓት የምታዘጋጅ መምህርትም ይህን ይዛ ነው የምትነሣው። ቀኑን እንዲያሰሉ አትጠይቃቸውም፤ በየጠዋቱ በማይለወጥ ቅደም ተከተል ታዘምራቸዋለች።

ዐሥር ልጆች ላሉበት ክፍል ከሰባት እስከ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። መክፈቻው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መዝሙር ነው። ልጆቹ ዜማውን ሲሰሙ መጫወቻቸውን ትተው መሰብሰብን ቀስ በቀስ ይለምዳሉ።

ቀጥሎ ቀናቱ ይመጣሉ። መምህርቷ አውራጅ፣ ልጆቹ ተቀባይ ሆነው ለእያንዳንዱ ስም አንድ ጊዜ ያጨበጭባሉ። የዕለቱ ስም ላይ ሲደርሱ ቆም ይሉና ልጆቹ ከሚያውቁት ነገር ጋር ያያይዙታል። ዓርብ የአሸዋ ጨዋታ ካለ ዓርብ «የአሸዋ ቀን» ይሆናል።

የአየሩ ሁኔታ የሚጀምረው ከመስኮቱ ነው። አንድ ልጅ ሄዶ ውጭውን ያያል፤ ከዚያም የፀሐይ፣ የደመናና የዝናብ ሥዕል ካለባቸው ሦስት ካርዶች አንዱን ያነሣል። «ፀሐይ ነው ወይስ ዝናብ?» ብሎ በቃል ብቻ መጠየቅ ያሳስታል፤ ትንንሽ ልጆች ብዙ ጊዜ መጨረሻ የሰሙትን ይደግማሉ። በሐምሌ የአዲስ አበባ ሰማይ ጠዋት ደመና፣ ከሰዓት ዝናብ ሊሆን ስለሚችል ካርዱን ከእንቅልፍ በኋላ እንደገና ማየት ይጠቅማል። ለዝናብ ጣቶቻቸውን እያወራረዱ፣ ለፀሐይ እጃቸውን ዘርግተው ይዘምራሉ።

ተራ መጠበቅን የምታስተምረው ትንሿ ከበሮ ናት። የያዘው ልጅ ሲመታ ሌሎቹ ስሙን የሚጠራ አጭር ስንኝ ይዘምሩለታል፤ ስንኙ ሲያልቅ ከበሮዋ ወደ ጎረቤቱ ታልፋለች። «ትንሽ ጠብቅ» የሚለው ቃል ለሕፃን ልኩ አይታወቅም፤ የመዝሙር መጨረሻ ግን ይሰማል። ስንኙ ዐሥር ሰከንድ ከፈጀ ዐሥሩም ልጆች ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይዳረሳሉ። ልጆቹ ሃያ ከሆኑ የመጨረሻው ልጅ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይጠብቃል፤ ያ ለዚህ ዕድሜ ስለሚረዝም በሁለት ክብ መክፈል ይሻላል። ዛሬ መጨረሻ የደረሰው ልጅ ነገ ይጀምራል።

አንዱ ከበሮውን ቢነጥቅ መምህርቷ አትቆጣም፤ ከበሮውን ለባለተራው መልሳ ስንኙን ካቆመበት ትቀጥላለች፣ የነጣቂውም ተራ እንደሚደርስ ስሙን ጠርታ ታሳየዋለች። አንድ ልጅ ተነሥቶ ቢሄድ ከዳር ሆኖ እየሰማ ሊማር ይችላል። ግማሾቹ መቁነጥነጥ ከጀመሩ ግን ሰዓቱ ረዝሟል፤ ያኔ የቀናቱን ወይም የአየሩን ክፍል አሳጥራ ከበሮዋን ሁሉም እንዲያገኟት ታደርጋለች።