ሙሉ ዋጋ ወይስ ጭማሪ? የፒአይዲ ስሌት «የፍጥነት ቅርጽ» እና ከእጅ ወደ አውቶማቲክ መሻገር

በቁጥጥር ምሕንድስና «የፍጥነት ቅርጽ» የሚባል ስሌት አለ። ስሙን እንዳለ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አንባቢውን ሊያሳስት ይችላል፤ ቃሉ የሚያመለክተው የሚሽከረከር ነገርን ፍጥነት ሳይሆን፣ ተቆጣጣሪው የሚሰጠው ትእዛዝ በአንድ እርምጃ የሚለወጥበትን መጠን ነውና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «የጭማሪ ቅርጽ» እንለዋለን። የስያሜው ምርጫ የሚገባን ግን ስሌቱ የሚሠራውን ስናይ ነው።

ከጅቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ በዶራሌ እ.ኤ.አ. በ2021 የተመረቀው የባሕር ውኃ ማጣሪያ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ንጹሕ ውኃ እንዲያመርት የተሠራ ነው። በእንዲህ ያሉ ማጣሪያዎች ጨዋማው ውኃ ብዙ ጊዜ 60 ባር አካባቢ በሆነ ግፊት ስስ በሆነ ሜምብሬን ውስጥ እንዲያልፍ ይገደዳል። ይህን ግፊት የሚፈጥር አንድ ፓምፕ እናስብ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለማስረዳት የተመረጡ እንጂ ከተጠቀሰው ተቋም የተወሰዱ አይደሉም።

የተፈለገው ግፊት 60 ባር ነው። ከተፈለገው ላይ የተለካውን ስንቀንስ የምናገኘውን `e` «ጉድለት» እንበለው፤ ግፊቱ ከተፈለገው ሲበልጥ ጉድለቱ አሉታዊ ይሆናል። የተለመደው የፒአይዲ ስሌት ለፓምፑ የሚሰጠውን ትእዛዝ `u` በየጊዜው ከሥሩ ጀምሮ በሙሉ ያሰላል፤

```
u(k) = Kp*e(k) + KiT*sum(e) + (Kd/T)*(e(k) - e(k-1))
```

የመጀመሪያው ክፍል የአሁኑን ጉድለት፣ ሁለተኛው እስካሁን የተጠራቀመውን፣ ሦስተኛው የጉድለቱን ለውጥ ይመለከታል። እንግዲህ `Kp = 1`፣ `KiT = 0.1`፣ `Kd = 0` ይሁኑ። ኦፕሬተሩ ከአንድ ሰዓት በፊት ፓምፑን ወደ እጅ አዙሮ፣ ትእዛዙን በ45 በመቶ ላይ አቆመው። በዚያን ጊዜ የተጠራቀመው ክፍል 30 በመቶ ላይ ደርሶ ነበር፤ እዚያው ቀረ። አሁን ግፊቱ 58 ባር፣ ጉድለቱም 2 ነው። ኦፕሬተሩ ወደ አውቶማቲክ ሲመልሰው ስሌቱ 2 እና 30 እና 0.2 ደምሮ 32.2 በመቶ ያዝዛል። ግፊት መጨመር በሚገባበት ሰዓት ትእዛዙ በአንድ ጊዜ 12.8 ነጥብ ይወርዳል፤ ግፊቱም ተከትሎ ይወድቃል። ስሕተቱ በሒሳቡ አይደለም፤ ተቆጣጣሪው ሰውየው ያደረገውን አያውቅም።

የጭማሪው ቅርጽ የሚገኘው ከአሁኑ ስሌት ላይ የቀዳሚውን እርምጃ ስሌት ስንቀንስ ነው። ያን ጊዜ ረጅሙ ድምር ይጠፋና ከእርሱ የሚቀረው የአሁኑ ጉድለት ብቻ ይሆናል፤

```
du = Kp*(e(k) - e(k-1)) + KiT*e(k)
     + (Kd/T)*(e(k) - 2*e(k-1) + e(k-2))
u(k) = u(k-1) + du
```

ያለፈው ታሪክ ሁሉ አሁን በ`u(k-1)` ውስጥ ነው፤ እርሱም ኦፕሬተሩ የተወው 45 ነው። በቀዳሚው እርምጃም ጉድለቱ 2 ከነበረ፣ ጭማሪው 0.2 ብቻ ይሆናል፤ ትእዛዙም 45.2። በሚቀጥለው እርምጃ ግፊቱ 58.1 ሲደርስ ጉድለቱ 1.9 ይሆናል፤ ጭማሪው ከ0.1 መቀነስና ከ0.19 መጨመር ተቀናንሶ 0.09 ነው። ትእዛዙ 45.29 ይደርሳል። መሻገሪያው ያለ ዝላይ አለፈ። ትእዛዙ ግን አልቆመም፤ ጉድለቱን ለመሙላት ቀስ ብሎ ይጓዛል።

ይህ ጥቅም ግን በራሱ አይመጣም፤ ስሌቱ በእጅ ጊዜም የሚሆነውን መከታተል አለበት። `u(k-1)` ለፓምፑ በእውነት የተላከው ትእዛዝ መሆን አለበት፤ ቀዳሚዎቹ ጉድለቶችም በየእርምጃው መታደስ አለባቸው። ከአንድ ሰዓት በፊት የነበረው ጉድለት −4 ሆኖ እንደ «ቀዳሚ» ቢቀር፣ ከአሁኑ 2 ጋር ያለው ርቀት 6 ነው፤ ጭማሪው 6.2 ሆኖ ትእዛዙ ወደ 51.2 ይዘላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ዝላዩ በመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ከታየና ከዚያ በኋላ ጉዞው ለስላሳ ከሆነ፣ በቅድሚያ የሚመረመረው ያልታደሰው ጉድለት ነው።

ሌላው ገደብ ከቅርጹ ራሱ ይመነጫል። የተፈለገው ዋጋ በማይለወጥበት ጊዜ፣ በሁለት ጉድለቶች መካከል ያለው ለውጥ የተለካውን ግፊት ለውጥ ብቻ ያሳያል፤ 60 የሚለው ቁጥር በመቀናነሱ ይጠፋል። ስለዚህ የተጠራቀመው ክፍል፣ ማለትም `KiT*e(k)`፣ ከሌለ ስሌቱ መድረሻውን አያውቅም፤ ግፊቱ በማንኛውም ቦታ ቢረጋ ጭማሪው ዜሮ ነው። የጭማሪ ቅርጽ ያለዚህ ክፍል አይሠራበትም።

ወደ ስያሜው ስንመለስ፣ ሁለቱ ቅርጾች የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል። የተለመደው «ትእዛዙ ስንት ይሁን?» ይላል፤ ሌላው «ካለበት ምን ያህል ይጨመር ወይም ይቀነስ?» ይላል። «ካለበት» የሚለው ቃል የሰውየውን ሥራ ይዞ ይቀጥላል፤ «ጭማሪ» የሚለው ስም ይህን ያሳያል፤ «ፍጥነት» ግን ይሸፍነዋል።