መረቁ ሳይሆን ሥጋው

አረጋዊት እናት እህል አልወርድ ሲላቸው ቤተሰብ የሚሮጠው ወደ መረቅና ወደ ቀጭን አጥሚት ነው። ሁለቱም በቀላሉ ይዋጣሉ፤ አብዛኛው ግን ውሃ ነው። ፕሮቲኑ ያለው ድስቱ ውስጥ በቀረው ሥጋ ነው። በእርጅና ጊዜ ሆድ ቶሎ ስለሚሞላ፣ አንድ ሳህን መረቅ የጠጡ እናት ምሳቸውን ሳይነኩ ይነሳሉ።

የሚያሳዝነው ያረጀ ጡንቻ ከወጣት ጡንቻ የበለጠ ፕሮቲን መፈለጉ ነው። ትንሽ ፕሮቲን ሲደርሰው ራሱን ለመጠገን አይነቃም። ስለዚህ ለአረጋውያን የሚመከረው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ከ50 እስከ 60 ግራም ማለት ነው፤ ከተቻለም በአንድ ማዕድ ወደ 25 ግራም ቢጠጋ ይመረጣል።

ይህ በትንሽ ሳህን ይገባል። ጠዋት አንድ ስኒ የአጃ ገንፎ በውሃ ሳይሆን በወተት ይሠራና ሁለት ማንኪያ የዱቄት ወተት ይጨመርበታል። ከአንድ ቅቅል እንቁላል ጋር ወደ 20 ግራም ይሆናል። እንቁላሉ ካልተቻለ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይቅረብ። ምሳ ላይ ሦስት ማንኪያ ምንቸት አብሽ፣ ሩብ እንጀራና ሦስት ማንኪያ አይብ ሌላ 23 ግራም ያህል ይሰጣሉ። መጀመሪያ ሥጋው ይበላ፣ እንጀራው ይከተል፤ ውሃና ሻይም ከምግብ በኋላ ይሁን። ማታ አንድ ብርጭቆ ወተት ሲታከል ቀኑ 50 ግራም ይሞላል። ከሰኞ እስከ እሑድ ጾም ባልሆኑት ቀናት የሚለዋወጠው የምሳው ወጥ ብቻ ነው፦ አንድ ቀን የተፈጨ ሥጋ፣ ሌላ ቀን አጥንቱ የወጣለት ዓሣ፣ እሑድ በደንብ የተቆራረጠ ዶሮ ከነእንቁላሉ።

ከባዱ ረቡዕና ዓርብ ነው። ሦስት ማንኪያ ዱቄት የገባበት ወፍራም ሽሮ፣ ግማሽ ስኒ ምስር፣ ሩብ እንጀራ፣ አንድ ብርጭቆ የአኩሪ አተር ወተት፣ ሁለት ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ የተበጠበጠበት የኦቾሎኒ ሻይ፤ ሁሉም ተደምሮ ከ30 ግራም ብዙም አያልፍም። ያውም እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተጹሞ በቀረችው አጭር ጊዜ መበላት አለበት። ሰውነት ፕሮቲንን እንደ ስብ ስለማያከማች የማክሰኞው ትርፍ ረቡዕን አይሞላም። ክብደት እየቀነሰ ከሆነ እኔ የምመክረው ልጆች እናታቸውን ከመጨቃጨቅ ይልቅ ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲያገናኟቸው ነው። ለታመመና ለደከመ ሰው ጾሙን የማቅለል ፈቃድ ከእርሳቸው ሲመጣ ሕሊና ያርፋል።

ዕቅዱ መሥራቱን የሚናገረው ሚዛን ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ በተመሳሳይ ልብስ ይመዘኑ። 50 ኪሎ የነበሩ እናት በአንድ ወር 2.5 ኪሎ ከቀነሱ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል፤ የታመመ ጥርስ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ወይም ድብርት የምግብ ፍላጎታቸውን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን ፕሮቲን ከመጨመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።