ሃምሳ ደቂቃው ለምን ሰማንያ ሆነ?

የሥነ ልቦና ምክር የሚማር ሰው ከእውነተኛ ተገልጋይ ጋር መቀመጥ ሲጀምር ልምድ ያለው ሱፐርቫይዘር ይመደብለታል። ሱፐርቫይዘሩ የተለማማጁን ማስታወሻ ያነባል፣ በየጊዜው ያነጋግረዋል፣ አንዳንዴም አስተያየቱን በደብዳቤ ይሰጠዋል። ከነዚህ ደብዳቤዎች ለመጻፍ የሚከብደው፣ እንደ እኔ እምነት፣ ተለማማጁ በደግነቱ ለተሳሳተበት ጉዳይ የሚጻፈው ነው። ሰነፉን መገሠጽ ምን ችግር አለው!

ቀጥሎ ያለው ታሪክ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ በሥልጠና ላይ ከሚያጋጥሙ ነገሮች ለማሳያ የቀመርኩት ነው። አንዲት የአዲስ አበባ ተለማማጅ ከቤይሩት የተመለሰች ወጣት ታማክራለች። ወጣቷ በሰው ቤት ሠርታ ለዓመታት የላከችው ገንዘብ አልቆ ነው የጠበቃት። የተለማማጇም ታላቅ እህት ዐረብ አገር ሠርታ ነው ያስተማረቻት። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ 50 ደቂቃ የነበረው ቀጠሮ 80 ደቂቃ ይፈጅ ጀመር። ተለማማጇ የግል ስልኳን ሰጠች፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት በቴሌግራም መጻጻፍም መጣ። አንድ ቀን ለትራንስፖርት ብላ 300 ብር አስጨበጠቻት። በሚቀጥለው ሳምንት ወጣቷ ቀረች።

ሥራውን የሚያውቅ ሱፐርቫይዘር ደብዳቤውን በፍርድ አይጀምርም፤ ያየውን ነው የሚናገረው። «ያለፉት ሦስት ቀጠሮዎች ሰዓታቸውን አልፈዋል። ሌላው ማስታወሻሽ ገጽ ይሞላል፤ ስለ እናቷ የተነጋገራችሁበት ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው። የብሩንም ነገር የሰማሁት ልጅቷ ከቀረች በኋላ ነው።» ሁለቱ መስመሮች ብዙ ይናገራሉ። ተለማማጇ እዚያ ላይ ተናድዳ «ከዚያ ቤት ብትወጪ ይሻልሻል» ብላለች፤ የተናገረችውን ለመጻፍ ግን አፍራለች። ወጣቷም ወዲያው ለእናቷ መከራከር ጀምራለች።

«እናቷ ላይ የተቆጣው ማነው? እሷ ናት ወይስ አንቺ?» ይላል ደብዳቤው። የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ጥያቄ ነው። አማካሪው ከራሱ ሕይወት ይዞት የመጣው ነገር በተገልጋዩ ታሪክ ሲነካካ የሚያድርበት ስሜት በሙያው ካውንተርትራንስፈረንስ ይባላል። ፍሮይድ በ1910 ሐሳቡን ሲያነሣ ሐኪሙ በራሱ ውስጥ አውቆ ሊያሸንፈው የሚገባ እንቅፋት አድርጎ ነበር። በ1950 ፓውላ ሃይማን ነገሩን ከሌላ ጎን አየችው፤ ያ ስሜት ስለ ተገልጋዩ የሚነግረን ነገር አለ አለች። ሁለቱም ለዚች ተለማማጅ ያስፈልጓታል። ቁጣዋ ወጣቷ ለመናገር የፈራችውን ቁጣ እየነገራት ሊሆን ይችላል። ግን አማካሪዋ ቀድማ ስለተቆጣችላት ለወጣቷ የቀራት ሥራ እናቷን መከላከል ብቻ ሆነ።

ብሩስ? ደብዳቤው እዚህ ላይ ይሉኝታን ያነሣል። ገንዘብ የተቀበለ ሰው «ያልሽኝ አልጠቀመኝም» ለማለት አፍ አይኖረውም፤ መቅረት ይቀለዋል። ወጣቷ ለበዓል ዳቦ ይዛ ብትመጣ ግን መቀበሉ ነውር የለበትም፤ በእኛ አገር መመለሱ ይብሳል። ዳቦው በማስታወሻ ላይ ይጻፋል፣ ከሱፐርቫይዘር ጋር ይነሣል። 300 ብሩ ተደብቋል፤ ድንበር መታለፉን ከሁሉ ቀድሞ የሚያሳብቀውም መደበቁ ነው።

የሚስተካከለውም በድንገት አይደለም። ስልኩን በአንድ ሌሊት መዝጋት ቀድሞ የተከዳችውን ልጅ ደግሞ መክዳት ነው። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሩ የምትለውን ከነቃሉ ይጽፍላታል፤ «ስልኬን የሰጠሁሽ ላግዝሽ ብዬ ነው፤ ሌሊት ግን በደንብ ላግዝሽ አልችልም። ከእንግዲህ በተቋሙ ስልክ እንገናኝ። ሌሊት ከባድ ነገር ቢገጥምሽ ወዴት እንደምትሄጂ ዛሬ አብረን እንጻፍ። ብሩን እንድትመልሺ አልፈልግም፤ የቀረሽው በሱ ምክንያት ከሆነ ግን ንገሪኝ።» ቀጠሮው 40 ደቂቃ ሲሞላው ደግሞ «አሥር ደቂቃ ቀርቶናል» ትበል። ተገልጋዮች ትልቁን ነገር በር ላይ ቆመው የማውጣት ልማድ አላቸው፤ አስቀድሞ ከተነገራቸው በሰዓቱ ያወጡታል።

የእህቷ ጉዳይ ግን በደብዳቤው አይታከምም። ሱፐርቫይዘር የተለማማጁ አማካሪ አይደለም፤ ስሜቱ ሥራውን የት እንደነካው ያሳያል፣ ቁስሉን ግን ወደ ሌላ ባለሙያ ይመራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰዓቱ መርዘሙ፣ ነገር መደበቁም ከቀጠለ ወጣቷ ተነግሯት፣ ተስማምታም ወደ ሌላ አማካሪ ትተላለፋለች። ተለማማጇ ብትከፋም ይህ ትክክል ነው።

ምክር የምትከታተሉ አንባቢዎች አማካሪያችሁ ሱፐርቫይዘር እንዳለው ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ጥሩ አማካሪም በጥያቄው አይቀየምም።