በሩ ላይ የቀረው ኮሌስትሮል

ከደም ምርመራ በኋላ በሚሰጠን ወረቀት ላይ «ኤል ዲ ኤል» ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንወቅሰው ቅቤውንና ጥብሱን ነው። ወቀሳው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ያ ቁጥር የሚለካው ገና ወደ ሕዋስ ሳይገባ በደም ውስጥ የሚዞረውን ኮሌስትሮል ነው። ስለዚህ ምን ያህል ወደ ደም እንደገባ ብቻ ሳይሆን፣ ሕዋሶቻችን ከደሙ ውስጥ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያነሡትም ይነግረናል።

ኮሌስትሮል ቅባት ስለሆነ በደም ውስጥ አይሟሟም። የሚጓዘው ታሽጎ ነው። ኤል ዲ ኤል የምንለው እሽግ 22 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያለው ድቡልቡል ነገር ሲሆን፣ በሆዱ 1500 ያህል የኮሌስትሮል ሞለኪውሎች ይዟል፤ ዙሪያውን ደግሞ አንድ ረጅም ፕሮቲን ተጠምጥሞበታል። እንዲህ ያለ ግዙፍ ጭነት በሕዋሱ ሽፋን ሾልኮ ሊያልፍ አይችልም። ሕዋሱ ያለው አማራጭ ሽፋኑን ራሱን ወደ ውስጥ አጎድጉዶ፣ ጭነቱን በቋጠሮ ጠቅልሎ ማስገባት ነው። ይህ ኢንዶሳይቶሲስ ይባላል። ተቃራኒው ኤክሶሳይቶሲስ ነው፤ ከውስጥ የመጣ ቋጠሮ ከሽፋኑ ጋር ይዋሃድና የያዘውን ወደ ውጭ ያፈሳል። ነርቭ መልእክቱን፣ ቆሽት ኢንሱሊንን የሚለቁት በዚህ መንገድ ነው። ኤል ዲ ኤል ራሱም የዚሁ ልጅ ነው፦ ጉበት ቅባት የጫነ ትልቅ እሽግ በኤክሶሳይቶሲስ ወደ ደም ይለቃል፤ እሽጉ በመንገድ ላይ አብዛኛውን ቅባት አራግፎ ሲያንስ ኤል ዲ ኤል ይሆናል።

የመግቢያው መንገድ የታወቀው ግን ማስገባት ባቃታቸው ሕዋሶች ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቴክሳስ ዳላስ ይሠሩ የነበሩት ማይክል ብራውን እና ጆሴፍ ጎልድስታይን አንድ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ይዘው ተነሡ። የተበላሸውን ጂን ከእናትም ከአባትም የወረሱ ልጆች ኮሌስትሮላቸው ከጤነኛ ሰው ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የልብ ድካም የሚይዛቸውም በልጅነታቸው ነው። ሁለቱ ሐኪሞች ከልጆቹ ቆዳ ትንሽ ቁራጭ ወስደው ሕዋሶቹን በሳህን ላይ አበቀሉ። በኤል ዲ ኤል ላይ ጨረር የሚያመነጭ አዮዲን አጣብቀውም የት እንደሚሄድ ተከታተሉ። በጤነኛው ሕዋስ ላይ ኤል ዲ ኤሉ ተጣብቆ ይያዛል። በብዙዎቹ ልጆች ሕዋስ ላይ ግን ጭራሽ አይጣበቅም። እሽጉን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ ማለትም ተቀባይ፣ ከሽፋኑ ላይ እንደጎደለ ገባቸው።

ከዚያ ለደንቡ የማይገዛ አንድ ታማሚ መጣ። በጽሑፎቻቸው የሚታወቀው በስሙ መነሻ ፊደላት፣ ጄ. ዲ. ተብሎ ነው። የእሱ ሕዋሶች ኤል ዲ ኤልን ይይዙታል፤ ደሙ ግን እንደሌሎቹ ልጆች በኮሌስትሮል ተጨናንቋል።

ነገሩን የፈቱበት ዘዴ እኔን ከግኝቱ ያላነሰ ይማርከኛል። ሕዋሶቹን በ4 ዲግሪ አቀዘቀዟቸው። በዚያ ብርድ ኤል ዲ ኤል ከተቀባዩ ጋር ይጣበቃል እንጂ ሽፋኑ ስለማይንቀሳቀስ አይገባም። ከዚያ ወደ 37 ዲግሪ አሞቋቸውና በየደቂቃው ጠየቁ፦ አሁን ያለው ውጭ ነው ወይስ ውስጥ? መለያው ሄፓሪን ነው። ሄፓሪን ከላይ የተጣበቀውን ኤል ዲ ኤል ያላቅቀዋል፤ የገባውን ግን አይደርስበትም። በጤነኛው ሕዋስ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሄፓሪን የሚያላቅቀው ኤል ዲ ኤል እያነሰ ሄደ፤ ገብቷል ማለት ነው። በጄ. ዲ. ሕዋስ ላይ የተጣበቀው ግን ሳይገባ ከላይ ቀረ። ተቀባዩ እሽጉን ይይዛል፤ ይዞ ግን አይገባም።

ለምን? መልሱ የመጣው ከኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው፤ ፍንጩ ደግሞ ከትንኝ። በ1964 ቶማስ ሮት እና ኪት ፖርተር የትንኝ እንቁላል አስኳሉን ከደሟ ሲስብ ሲመለከቱ፣ ከውስጥ በኩል ልባስ ያላቸው ትናንሽ ጉድጓዶች በሽፋኑ ላይ አይተው ነበር። የልባሱን ዋና ፕሮቲን በኋላ ባርባራ ፒርስ አጣርታ አውጥታ ክላትሪን አለችው። እያንዳንዱ ክላትሪን ሦስት እግር አለው። እግሮቹ እንደ መሶብ ስፌት እርስ በርስ ተጠላልፈው ሽፋኑን ወደ ውስጥ ያጎብጡታል፤ ሲዘጋ ቅርጹ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች እንደተሰፋ የእግር ኳስ ይሆናል። አንገቱን ዳይናሚን የተባለ ሌላ ፕሮቲን አንቆ ይቆርጠዋል።

ዳላስ ላይ ሪቻርድ አንደርሰን የቆዳ ሕዋሶችን ሲመለከት፣ እነዚህ ጉድጓዶች ከሽፋኑ ስፋት 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዛሉ፤ የጤነኛው ሕዋስ የኤል ዲ ኤል ተቀባዮች ግን አብዛኞቹ ተሰብስበው የተገኙት እዚያው ውስጥ ነው። የጄ. ዲ. ተቀባዮች በሽፋኑ ሁሉ ተበታትነው ነበር። ጉድጓዶቹ አሉ፤ እየተዘጉም ይገባሉ፤ ግን ባዶአቸውን። ጂኑ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲነበብ ምክንያቱ ታወቀ። ተቀባዩ 839 አሚኖ አሲዶች የተደረደሩበት ሰንሰለት ነው። ወደ ሕዋሱ ውስጥ በወጣው አጭር ጭራው ላይ፣ 807ኛው ቦታ ታይሮሲን መሆን ሲገባው ሲስቴይን ሆኗል። ክላትሪንን ከጭነቱ ጋር የሚያገናኙት ፕሮቲኖች ተቀባዩን የሚጨብጡት በዚያ ጭራ ነው፤ እጀታው ከተበላሸ የሚስበው የለም።

ጤነኛው ተቀባይ ከገባ በኋላ ምን ይሆናል? ቋጠሮው ልባሱን አውልቆ ኢንዶሶም ከሚባል ክፍል ይቀላቀላል። የክፍሉ ፈሳሽ ኮምጣጣ ነው፤ ኮምጣጣነቱ የተቀባዩን ቅርጽ ይለውጠውና እሽጉን ያስለቅቀዋል። እሽጉ ወደ ላይሶሶም ወርዶ ይፈጫል፤ ኮሌስትሮሉም ለሕዋሱ ይተርፋል። ተቀባዩ ግን አብሮ አይፈጭም። በሌላ ቋጠሮ ተመልሶ በኤክሶሳይቶሲስ ሽፋኑ ላይ ይወጣል። ደርሶ መልሱ 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ አንዱ ተቀባይ በዕድሜው ከመቶ ጊዜ በላይ ይመላለሳል።

ይህን መመለሻ የሚዘጋ ፕሮቲን መኖሩ የታወቀው በ2003 ነው፤ ፒ ሲ ኤስ ኬ 9 ይባላል። ከተቀባዩ ጋር ተጣብቆ አብሮት ይገባና ወደ ላይሶሶም ይጎትተዋል። ዛሬ በመርፌ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ይህን ፕሮቲን በመያዝ ተቀባዩ እንዲመለስ ያደርጋሉ። ስታቲኖች ሥራቸው ሌላ ነው፦ የጉበት ሕዋስ የራሱን ኮሌስትሮል እንዳይሠራ ይከለክሉታል፤ ሕዋሱም ሲያጥረው ብዙ ተቀባይ ሠርቶ ከደም ይስባል።

ሁለቱም ግን የሚሠራ ተቀባይ ይፈልጋሉ። የተበላሸውን ጂን ከሁለቱም ወላጆቹ ለወረሰ ልጅ የማይሠሩ ተቀባዮችን ማብዛት ብዙ አይረዳም። በ1984 በፒትስበርግ አንዲት የስድስት ዓመት ሕፃን ልቧ በበሽታው ስለተጎዳ ልብ ተተከለላት፤ አብሮም ጉበት። የደሟ ኤል ዲ ኤል ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ወረደ። ያወረደው አዲሱ ልብ አልነበረም፤ ከአዲሱ ጉበት ጋር የመጡት ተቀባዮች ናቸው።